«ጠውልጎ ካዩት ውሃ ይጨምሩ» ብዬ የጻፍኩት ስህተት

ለ24 ቀን ከባሕር ዳር ወጥቼ ውጭ አገር ስቆይ አሥራ አንድ ማሰሮና ባልዲ ተክል ለጎረቤቴ ትቼ ነበር። ቀኑ ከሚያዝያ 15 እስከ ግንቦት 9 ነው፤ ሙቀቱ ገና ያልበረደበት፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ደመናና ዝናብ ብቅ የሚልበት ጊዜ። የተውኩት ማስታወሻ ሦስት መስመር ብቻ ነበረው፦ «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አንድ አንድ ጣሳ ያጠጡ። ቅዳሜ ያዙሯቸው። ጠውልጎ ካዩት ውሃ ይጨምሩ።» እትዬ አንዱንም ሳያጎድሉ ፈጸሙት፤ ለዚህ ነው ጥፋቱ የእኔ የሆነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ልትጽፉ ከሆነ ሦስተኛው መስመር ምን እንዳደረገ ላሳያችሁ።

መጠውለግ ሁለት ተቃራኒ ምክንያት አለው። አንዱ ጥማት ነው። ሌላው የውሃ ብዛት ነው፤ በአፈሩ ቅንጣት መካከል ያለው አየር በውሃ ሲያዝ ሥሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል ማለት ነው። ቅጠሉን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን አይለይም።

በዘጠነኛው ቀን እትዬ በቴሌግራም ፎቶ ላኩልኝ። ጎን ለጎን የተቀመጡት ፈርንና ፖቶስ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። እኔም ያለሁበት ቦታ ሆኜ «ውሃ ይጨምሩላቸው» ብዬ መለስኩ። ፎቶ የአፈር እርጥበትም የማሰሮ ክብደትም አያሳይም፤ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ መመለሴ እስካሁን ያናድደኛል።

ፖቶሱ የነበረው ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው። ባልዲው ቀዳዳ የለውም፤ ችግኙን የሸጠልኝ ሰው «በየቀኑ ካጠጣኸው ቀዳዳ አያስፈልገውም» ብሎኝ አምኜዋለሁ። ምክሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀዳዳ ይበልጥ የሚያስፈልገው በየቀኑ ለሚጠጣው ነው። ስሌቱን ሳስበው ደግሞ አፍራለሁ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ24 ቀን ወደ አሥር ዙር ይመጣል። የእኔ ጣሳ ግማሽ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ አምስት ሊትር ውሃ መውጫ በሌለው፣ ስምንት ሊትር አፈር በያዘ ባልዲ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የተወሰነው በቅጠልና በላዩ ተንኖ ይሄዳል፤ የቀረው ታች ይጠራቀማል። ላዩ ደረቅ መስሎ ታቹ ጭቃ ነበር። ስነቅለው ሥሩ ቡናማና ለስላሳ ሆኗል፤ በጣቴ ስስበው ልጣጩ ወልቆ በመሐሉ ያለው ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። ሽታው የበሰበሰ ጎመን ነው። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ ሲጎትቱት አይላጥም።

ፈርኑ ላይ የደረሰው የዚህ ግልባጭ ነው። ማሰሮው ቀዳዳ አለው፣ በሳምንት ሦስት ጊዜም ውሃ ወርዶበታል፤ ግን በድርቀት ሞተ። ከመሄዴ በፊት ጓዜን ስሸክፍ ለአራት ቀን ረስቼው አፈሩ ደርቆ ተሰብስቦ ነበር። እንዲህ ሲሆን አፈሩ ከማሰሮው ግድግዳ ይለያል፤ ጣት የማያስገባ ግን ውሃ የሚያሳልፍ ስንጥቅ ዙሪያውን ይፈጠራል። የሚፈስሰው ውሃ በስንጥቁ ወርዶ ወዲያው ሳህኑ ላይ ይወጣል፣ መሐሉ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። አጠጪው ግን ሳህኑ ላይ ውሃ ስላየ «ጠግቧል» ይላል። ምልክቱ ፍጥነቱ ነው፦ ውሃው እንደ ፈሰሰ በሰኮንዶች ውስጥ ከታች ከወጣና ማሰሮው ሲያነሱት አሁንም ቀላል ከሆነ አልጠጣም። መፍትሔው ከላይ መጨመር አይደለም። ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጎ ማሰሮውን እስከ ግማሽ ቁመቱ ማስቀመጥና ለግማሽ ሰዓት መተው ነው፤ አፈሩ ከታች ወደ ላይ እየሳበ ያብጣል፣ ስንጥቁም ይዘጋል። ከዚያ አውጥቶ ማንጠፍ።

ሁለቱን ለመለየት ብዙ ነገር ሞክሬ አንድ ነገር ብቻ ጠቀመኝ፤ የእንጨት ስንጥር። ጣት አፈር ውስጥ መክተት ትልልቅ ሰዎች አይወዱትም፣ ጥልቀቱም አይበቃም። ድፎ ዳቦ መብሰሉን በስንጥር ማየት ግን ለእትዬ ማስተማር አያስፈልግም። ስንጥሩን ከግንዱ ራቅ አድርጎ እስከ ማሰሮው ግማሽ ጥልቀት መክተት፣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ማውጣት። ጭቃ ይዞ ወይም ጠቁሮ ከወጣ አይጠጣም፤ ተክሉ ቢጠወልግም አይጠጣም። እንደ ገባ ደርቆ ከወጣ ይጠጣል። ዳቦው ሳይበስል ስንጥሩ ሊጥ ይዞ እንደሚወጣው መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሚያዝያ ሙቀት ቀን 8 ሰዓት ላይ ቅጠል ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ፀሐይዋ ስትወርድ ይቃናል። የሚያሳስበው ጠዋት 1 ሰዓት ላይም ደፍቶ የሚያድር ነው። ስለዚህ ማየት ያለበት ሰው ጠዋት ይይ።

ቀሪው ቀላል ነው። ተክሎቹን በስም ከመዘርዘር ይልቅ ክር አሰርኩላቸው፤ ስም ለማስታወስ የሚጨነቅ ሰው አጠጣጡን ይረሳል። ቀይ ክር ያለባቸው እሬትና እንደ ጎራዴ ቀጥ ብለው የሚቆሙት ሳንሰቬሪያዎች ናቸው፤ በ24 ቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃቸዋል፣ ጨርሶ ቢረሱ እንኳ አይሞቱም። ነጭ ክር ያለባቸው በስንጥር የሚታዩት ናቸው፤ ፊከሱ፣ ፖቶሶቹ፣ ጤና አዳሙና የጥብስ ቅጠሉ። ክር የሌለባቸው ፈርኖቹ ናቸው፤ እነሱ ሙሉ በሙሉ እንዲደርቁ አይተዉም። የሸክላ ማሰሮ በግድግዳው ስለሚተነፍስ ከፕላስቲክ ባልዲ ቀድሞ ይደርቃል፤ ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ሲጠማ ሌላው ጭቃ ሊሆን ይችላል።

መለኪያዬ አሁን ጣሳ ሳይሆን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው፤ ጣሳ ከቤት ቤት ይለያያል። አፉ አንድ ስንዝር ለሚሆን ማሰሮ አንድ ሃይላንድ ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ ከታች ካልወጣ ግማሽ ይጨመራል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ላይ የተረፈው ይደፋ። ይህን የምለው ለሥሩ ብቻ አይደለም፤ በእኛ ሙቀት የቆመ ውሃ ሳምንት ካለፈው ትንኝ ይፈለፍላል። አንድ ዙር ለሁሉም ወደ አምስት ሊትር ስለሚፈጅ ቧንቧ ቢጠፋም እንዳይቸገሩ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቼ ከድኜ እተዋለሁ።

ማዞሩንም ቢሆን «ያዙሯቸው» ማለት አይበቃም። አንድ ሳምንት ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ የተዞረ ማሰሮ የነበረበት ቦታ ይመለሳል። በየማሰሮው አፍ ዙሪያ በፕላስተር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብዬ ለጠፍኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ 2 ወደ መስኮቱ፣ በሚቀጥለው 3። አቅጣጫ ማስታወስ አያስፈልግም። እምቡጥ የያዘ ተክል አይዞርም፤ አንዳንዶቹ ብርሃኑ ሲቀየርባቸው እምቡጣቸውን ያራግፋሉ። ክፍት ግቢ ላይ ያለ ተክል ደግሞ ብርሃን ከላይ ስለሚያገኝ ማዞር አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ከውጭ አገር መጻሕፍት ምክር ጋር አልስማማም። «በሰሜን በኩል ያለ መስኮት ጥላ ነው» ይላሉ፤ ለእነሱ እውነት ነው። ባሕር ዳር ግን ፀሐይ ሚያዝያ 12 አካባቢ በአናታችን ታልፋለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ 16 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ ለወራት ጥላ የለመደ የሰሜን በረንዳ ግንቦት ላይ ጠዋትና ማታ በጎን ፀሐይ ይገባበታል። ጥላ የለመደ ቅጠል በድንገት ሲመታ ነጣ ያለና የደረቀ ጠባሳ ያወጣል፤ ያ ጠባሳ ውሃ ቢጠጣም አይድንም። ሁለተኛዋን ፈርን የጎዳትም ይኸው ነው። አሁን ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ ፈርኖቹን ከበረንዳው ጠርዝ ሁለት ክንድ ወደ ውስጥ አስገባለሁ፤ ከመሄዴ በፊት፣ በራሴ እጅ፣ ለጎረቤት ሳልተወው።

አሁን በር ላይ የምለጥፈው ወረቀት ይህ ነው፦

«እትዬ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ይዩልኝ፤ ማየት እንጂ የግድ ማጠጣት አይደለም።

ነጭ ክር ያለባቸውን ስንጥር ከተው እንደ ዳቦ ይዩ። ጭቃ ይዞ ከወጣ ይለፉት። ደርቆ ከወጣ አንድ ሃይላንድ ቀስ ብለው ያፍስሱ፤ ሳህኑ ላይ የተረፈውን ከሩብ ሰዓት በኋላ ይድፉ። ውሃው ወዲያው ከታች ከወጣና ማሰሮው ቀላል ከሆነ ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጡት።

ቀይ ክር ያለባቸውን ሚያዝያ 30 ብቻ፣ ግማሽ ሃይላንድ። ክር የሌለባቸው ላያቸው ሲነኩት ደረቅ ከሆነ፣ አንድ ሃይላንድ።

ቅዳሜ ቁጥሩን አንድ ወደ ፊት ያሳልፉት። እምቡጥ ያለውን አይንኩት።

የጠወለገ ካዩ ውሃ ከመጨመርዎ በፊት ስንጥሩን ከተው፣ ያወጡትን ስንጥር ፎቶ ያንሱና ይላኩልኝ። የደረቀ የመሰለውንም አይንቀሉት፤ ፈርን ላዩ ሞቶ ከሥሩ ሊያቆጠቁጥ ይችላል።»