ቧንቧው ሲጮህ «አየር ነው» ለሚሏችሁ

ልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ውሃ ቀድቶ ሲያቆም ግድግዳው ውስጥ «ዷ!» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ቤታችን ደሴ ነው፣ ከጦሳ ሥር ወደ ታች በሚወርደው ተዳፋት ላይ። ቀን ቀን ድምፁ ይቀንሳል። ሌሊት ግን ልጆቹን ያባንናል። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ብርና ንዴት ይተርፈኝ ነበር፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

የጠራሁት ባለሙያ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «እህቴ፣ አየር ነው።» ውሃ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ስሄድም ያው ነው። «አየር ነው፣ ዋናውን ሳራቺኔስካ ግማሽ ዝጊው» ብለው ሸኙኝ፤ ሳራቺኔስካ የሚሉት የቤቱን ውሃ በሙሉ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን መዝጊያ ነው። ማንም ግፊቱን አልለካም። እስካሁን የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

አየር የሚባለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው ውስጥ የገባው አየር እየተፋ፣ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። ያ ግን ቧንቧው ክፍት ሆኖ ውሃ እየወረደ ሳለ የሚሰማ ነው። የኛ ድምፅ ውሃው በቆመባት ቅጽበት ብቻ የሚመጣ ነው፤ አንድ ጠንካራ ምት፣ አንዳንዴ ተከታትለው እየደከሙ የሚሄዱ ሁለት ሦስት ምቶች። ሁለቱን በዚህ ትለያላችሁ።

ነገሩ ዋተር ሃመር ይባላል፤ እንዲህ ነው። ቧንቧ ውስጥ የሚሮጥ ውሃ ክብደት አለው። የማሽኑ ቫልቭ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ በቅጽበት ጥርቅም ይላል። የሚሮጠው ውሃ መሄጃ ያጣና ግፊቱ ድንገት ይወነጨፋል። ያ ግፊት በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ ከ1,200 ሜትር በላይ እየሮጠ ወደ ኋላ ይሄድና ይመለሳል። ቧንቧው በደንብ ካልታሰረ ደግሞ ግድግዳውን ይመታል። በእጅ ቀስ ብሎ የሚዘጋ የድሮ ቧንቧ ይህን አያመጣም። በሩብ ዙር የሚዘጋው አዲሱ ግን ያመጣል።

በመጨረሻ ማኖሜትር የሚባለውን የግፊት መለኪያ ገዝቼ ግቢ ያለው ቧንቧ ላይ ገጠምኩ። ሌሊት ሰው ውሃ ሳይጠቀም 7 ባር አካባቢ አነበበ። ለቤት ከ3 እስከ 4 ባር ይበቃል፣ ከ5 ማለፍ የለበትም። ተዳፋት ላይ ይህ አይገርምም፤ የውሃ ማጠራቀሚያው ከእናንተ በ10 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር 1 ባር ይጨምራል።

አሁን ስሌቱን እዩት። ማሽኑ በደቂቃ 9 ሊትር ያህል ይቀዳል። በግማሽ ኢንች ብረት ቧንቧ ውሃው በሰከንድ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ያ ባንዴ ሲቆም 9 ባር ያህል ድንገተኛ ግፊት ይፈጥራል። ባለው 7 ላይ ሲደመር ወደ 16 ይጠጋል። ድምፁ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር፤ መጋጠሚያ የሚያላላውና ቱቦ የሚያፈነዳው ይኼ ነው።

ሳራቺኔስካውን ግማሽ መዝጋት ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ምቱን ያለዝበዋል፤ ይህን አልክድም። ግን ውሃው ሲቆም ግፊቱ ያው 7 ነው። ቀን ግፊቱ ሲደክም ደግሞ ሮቶው አይሞላም። ሳራቺኔስካ ወይ ሙሉ ለመክፈት ወይ ሙሉ ለመዝጋት የተሠራ ነው፤ ግማሽ ላይ ሲቆም መዝጊያው ይበላል። መቀነስ ከፈለጋችሁ የማሽኑን የራሱን መክፈቻ ቀንሱ። ነፃ ነው፤ ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስ ምቱም በግማሽ ይቀንሳል፣ ማሽኑ ብቻ ትንሽ ዘግይቶ ይሞላል።

እኔ ከቆጣሪው ቀጥሎ ግፊት መቀነሻ አስገጥሜ 3 ባር ላይ አስተካከልኩት። ልል የነበረውን ቧንቧ በፋሸታ አሳሰርኩ። ምቱ ለዘበ እንጂ አልጠፋም፤ ቫልቩ አሁንም በቅጽበት ነው የሚዘጋው። የጨረሰው ዋተር ሃመር አረስተር የሚባለው ነው። ትንሽ ሲሊንደር ናት፤ ውስጧ ፒስተን አለ፣ ከጀርባው የታፈነ አየር። ምቱ ሲመጣ አየሩ ይጨመቅና ይቀበለዋል። ደሴ ስላጣሁት ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። የሚገጠመው ማሽኑ ቫልቭ አጠገብ ነው። አንዱ ባለሙያ ቆጣሪው ጋ ካልገጠምኩ ብሎ ተከራክሮኛል፤ እዚያ ከሆነ ግን ምቱ መጀመሪያ የቤቱን ቧንቧ በሙሉ አቋርጦ ነው የሚደርሰው።

እሱን ካጣችሁ፣ ቫልቩ አጠገብ ጫፉ የተደፈነ ቁራጭ ቧንቧ ወደ ላይ አቁሙ፤ ውስጡ የሚቀረው አየር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ውሃው ግን አየሩን ቀስ በቀስ ስለሚያሟሟው ድምፁ ይመለሳል። ያኔ ዋናውን ዝጉ፣ የላይኛውንም የታችኛውንም ቧንቧ ከፍታችሁ መስመሩን ባዶ አድርጉት፤ ቁራጩ እንደገና አየር ይሞላል። የተገዛው አረስተር ዓመታት ቆይቶ ድምፁ ከተመለሰ ግን ይቀየራል እንጂ በዚህ አይድንም።