ማይኩን ወደ አፍ፣ ጀርባውን ወደ መንገድ፦ ከጎንደር የድምፅ ቀረጻ ማስታወሻ

ተረት እያነበብኩ መቅረጽ ከጀመርኩ ወዲህ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። የምቀርጸው ጎንደር፣ ከቅዳሜ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባዶ ግድግዳና ሲሚንቶ ወለል አለው። ያለው አንድ መስኮት ሲሆን እሱም የሚያየው መንገዱን ነው። ባጃጁ ከማለዳ እስከ ማታ ያልፋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የገበያተኛው ድምፅ ይጨመርበታል። ዕቃዬ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም አንድ ዩኤስቢ ማይክ፣ ላፕቶፕና በነጻ የሚገኘው ኦዳሲቲ የተባለ የድምፅ መቅረጫና ማስተካከያ ፕሮግራም ነው።

የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ማይክ አቀማመጥ ነው። የጩኸት ማጽጃውን ወደ መጨረሻ አመጣዋለሁ። በደንብ ከተቀረጸ ድምፅ ላይ ትንሽ ጩኸት ማንሳት ቀላል ነው። ጩኸት የዋጠውን ድምፅ ግን የትኛውም ማጽጃ አይመልሰውም።

መጀመሪያ ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። ለአድማጭ ወሳኙ የጩኸቱ መጠን ብቻውን አይደለም፤ በንግግሩና በጩኸቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱን የምናሰፋው ደግሞ በርቀት ነው። ከአፋችን የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር፣ ዲሲቤል በሚባለው የድምፅ መለኪያ፣ በ6 ያህል ይቀንሳል። ርቀቱ በግማሽ ካጠረ በዚያው ልክ ይጨምራል። ከመንገድ የገባው ጩኸት ግን ክፍሉን ሁሉ ሞልቶታል። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ ወዲህ ወዲያ ብናደርገው ጩኸቱ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ማይኩን ወደ አፍ ስናቀርብ የሚያድገው ንግግሩ ብቻ ነው።

ይህን በራሴ ክፍል ለካሁት። ኦዳሲቲ ውስጥ `Analyze` ከሚለው ዝርዝር ሥር `Contrast` የሚባል መለኪያ አለ። የንግግሩን ክፍል መርጣችሁ ታስለኩታላችሁ፣ ቀጥሎ ዝም ያላችሁበትን ክፍል መርጣችሁ ታስለኩታላችሁ፤ ልዩነቱን በዲሲቤል ይነግራችኋል። ማይኩ ላፕቶፑ አጠገብ፣ ከአፌ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲቆም ልዩነቱ 14 ዲሲቤል ነበር። ያንኑ አንቀጽ በ15 ሴንቲ ሜትር ደግሜ ሳነበው 24 ሆነ። በስሌቱ 12 መጨመር ነበረበት፣ የጨመረው ግን 10 ነው። ምክንያቱ ባዶው ግድግዳ ነው። በሩቁ ቀረጻ ላይ ማይኩ የሰማው ቃሌን ብቻ ሳይሆን ከግድግዳ የተመለሰውን ማስተጋባትም ነበር፤ እሱ ደግሞ ንግግሩን በመለኪያው ላይ ከፍ አድርጎ ያሳያል። በጆሮ ሲሰማ እንግዲህ ለውጡ ከቁጥሩም ይበልጣል። ጩኸቱ ሲርቅ ያ የባዶ ቤት ድምፅም አብሮ ይሄዳል።

15 ሴንቲ ሜትር ከአንድ ስንዝር ትንሽ ያንሳል። ከዚያ በታች መጠጋት ለእኔ አልተመቸኝም። እንደ እኔው ዓይነት በአንድ አቅጣጫ የሚሰማ ማይክ በጣም ሲጠጉት ወፍራሙን የድምፅ ክፍል ያጎላዋል፤ ንባቡ ጎርናና ይሆናል። የምራቅና የትንፋሽ ድምፅም ይገባል። ጭንቅላት ትንሽ ዘወር ባለ ቁጥር ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለቱም ይሰማል።

ማይኩ ሲቀርብ ሌላ ችግር ይመጣል፤ የአየር ግፊት። መዳፋችሁን አፋችሁ ፊት አድርጋችሁ «ፓፓያ» በሉ። እጃችሁ ላይ የሚያርፈው አየር ማይኩን ሲመታው «ቡፍ» የሚል ድምፅ ይፈጥራል። ይህን በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው። መፍትሔው ማይኩን ከአፍ ፊት ለፊት ማንሳት ነው። እኔ ከከንፈሬ ጠርዝ ትይዩ በጎን በኩል አቆመውና ፊቱን ወደ አፌ አዞረዋለሁ። አየሩ ቀጥ ብሎ በአጠገቡ ያልፋል፤ ድምፁ ግን በሁሉም አቅጣጫ ስለሚሰራጭ ይደርሰዋል። ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አደርጋለሁ፣ ጠረጴዛው ሲነካ ንዝረቱ እንዳይገባ።

አሁን ወደ አቅጣጫ ልምጣ። ብዙ ጓደኞቼን ያስገረማቸው ይህ ነው። የእኔ ማይክ ካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት ነው። ከፊቱ በደንብ ይሰማል፣ ከጎኑ ቀነስ ያደርጋል፣ ከጀርባው የሚመጣውን ደግሞ በጣም ያዳክማል። እንግዲህ ጀርባው ማየት ያለበት መስኮቱን ነው። ያ ማለት እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እቀመጣለሁ፤ ማይኩ በእኔና በመስኮቱ መካከል ይሆናል። ሰው በልማድ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ከጩኸቱ የሚሸሽ መስሎት ለመስኮቱ ጀርባውን ይሰጣል። ያኔ የማይኩ ፊት በትከሻው ላይ አሻግሮ መንገዱን ያያል።

ፊቴን ወደ መስኮቱ ሳዞር ደግሞ ማይኩ ከእኔ ኋላ ያለውን ባዶ ግድግዳ ያያል። ቃሌም ጩኸቱም እዚያ ነጥረው የሚመለሱት ወደ ማይኩ ፊት ነው። ስለዚህ ብርድ ልብሱን የምሰቅለው ከማይኩ ኋላ ሳይሆን ከራሴ ኋላ ነው። ገመድ ወጥሬ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ደርቤ፣ ከግድግዳው አንድ ጫማ ያህል አርቄ አንጠለጥላለሁ። ርቀቱ ይጠቅማል፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ጨርቅ ይልቅ ራቅ ያለው ወፈር ያለውንም ድምፅ ይይዛል። ቦታ ቀይሬና ብርድ ልብሱን ሰቅዬ ስለካው ልዩነቱ ከ24 ወደ 29 ዲሲቤል ወጣ። ከብርድ ልብሱ ብዙ አትጠብቁ ግን። ማስተጋባትን ይቀንሳል እንጂ ከውጭ የሚመጣ ጩኸትን አያግድም። የከባድ መኪና ጉርምርምታም ካርዲዮይድ ሆነ ጋቢ ሳይበግረው ይገባል።

በስልክና በክሊፕ ማይክ የምትቀርጹ ሰዎች የአቅጣጫውን ዘዴ ተዉት። ደረት ላይ የሚሰኩት ትንንሾቹ ማይኮች በአብዛኛው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰማሉ። እነሱ ላይ ያላችሁ መሣሪያ ርቀት ብቻ ነው። የጎረቤታችንን እማማን ተረት ስቀርጽ የተጠቀምኩት ክሊፕ ማይክ ነበር። በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያወጉ ዘወር ዘወር ስለሚሉ የጠረጴዛው ማይክ አይሆንም። ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቀሚሳቸው ላይ ሰካሁት። ነጠላው ማይኩ ላይ ሲፈተግ የሚሰማው ድምፅ ከባጃጁ ይብሳል። «እማማ፣ ነጠላዎትን ትንሽ ወደ ኋላ ላድርግልዎት?» አልኳቸው። «አድርጊው ልጄ» አሉኝና ትከሻቸው ላይ መለስኩት። ሽቦውንም በጀርባቸው በኩል አሳለፍኩት።

ስልክ ላይ አንድ ሌላ ነገር ተጠንቀቁ። ብዙ የስልክ መቅረጫዎች የድምፁን መጠን በራሳቸው ያስተካክላሉ። ስትናገሩ ይቀንሳሉ፣ ዝም ስትሉ ይጨምራሉ። በየዓረፍተ ነገሩ መካከል የመንገዱ ጩኸት ቀስ እያለ ሲያብጥ ከሰማችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ጩኸቱ በየጊዜው መጠኑን ስለሚቀይር ማጽጃውም ይቸገራል። ይህን የሚያጠፋ ምርጫ ያለው መቅረጫ ፈልጉ። የቀረጻው ከፍታም በጣም የጎላው ቃል በመቅረጫው መለኪያ ላይ −12 ዲሲቤል አካባቢ ቢደርስ ይበቃል፤ በስሜት ከፍ ብላችሁ ስታነቡ ድምፁ እንዳይሰነጠቅ ቦታ ይኖረዋል።

ከማንበቤ በፊት እንደ ሐውልት ዝም ብዬ አምስት ሰከንድ ያህል እቀርጻለሁ። ትንፋሽም ወንበርም አይሰማም። ይህ የክፍሉ ባዶ ድምፅ ነው፤ ለማጽጃው ናሙና ይሆናል።

ቀርጬ ስጨርስ ኦዳሲቲ ውስጥ የማጸዳበት ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ `High-Pass Filter` በ80 ኸርዝ። የመኪናውን ጉርምርምታ ይቆርጣል፣ የንግግር ድምፅ ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ አይጎዳም። ቀጥሎ ያን ባዶ አምስት ሰከንድ መርጬ `Noise Reduction` እከፍትና `Get Noise Profile` እጫናለሁ። ከዚያ ሙሉውን ቀረጻ መርጬ እዚያው ተመልሼ እነዚህን እሞላለሁ፦

```
Noise reduction (dB): 8
Sensitivity: 5
Frequency smoothing (bands): 3
```

ወዲያው `OK` አልልም። `Residue` የሚለውን መርጬ በ`Preview` አዳምጣለሁ። ይህ ምርጫ የሚያሰማችሁ ማጽጃው የሚጥለውን ነው። የምትሰሙት ሹክሹክታ የመሰለ የክፍል ድምፅ ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው። ቃል ከተሰማችሁ ግን ከጩኸቱ ጋር ድምፃችሁንም እየጣለ ነው፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ቀንሱ። ሲስተካከል ወደ `Reduce` መልሳችሁ `OK` በሉ። መጀመሪያ የሚጎዱት ስ፣ ሽ፣ ፍ እና ህ ናቸው፤ ራሳቸው ከትንፋሽ የተሠሩ ስለሆኑ ማጽጃው ከጩኸት አይለያቸውም። በተለይ ቃል መጨረሻ ላይ ሲመጡ ቀስ ብለው ስለሚነገሩ ይጠፋሉ። ለመሞከር «ነፍስ»፣ «ትርፍ»፣ «ገብስ» ያሉባትን አንዲት ዓረፍተ ነገር እጠቀማለሁ። በ20 ዲሲቤል ስሞክራት «ገብስ» መጨረሻው ተቆርጦ «ገብ» ይመስላል፤ ከቃላቱ ሥርም ውኃ የሚንቦጫረቅ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። በ8 ግን ሦስቱም ቃላት ሙሉ ናቸው። ትንሽ ጩኸት ይቀራል። ለአድማጭ የሚቀለው እሱ ነው። ድምፁን ከፍ የማድረጉን ሥራ ከዚህ በኋላ አድርጉት፤ ቀድማችሁ ካደረጋችሁት ጩኸቱም አብሮ ያድጋል።

ይህ ማጽጃ የሚሠራው ሳይለዋወጥ ለሚቆይ ጩኸት ነው፦ ለማራገቢያ፣ ለፍሪጅ፣ ለሩቅ የመንገድ ጉርምርምታ። ባጃጅ መጥቶ ሲያልፍ፣ ውሻ ሲጮህ፣ ክላክስ ሲነፋ ናሙናው ውስጥ ስለሌሉ አይነካቸውም። ለእነሱ ያለኝ ዘዴ ማቆምና መድገም ነው። ቀረጻውን አላጠፋም። እስኪያልፍ እጠብቅና ሁለቴ አጨበጭባለሁ፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ከመነሻው አነበዋለሁ። ጭብጨባው ስክሪኑ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ሹል መስመሮች ሆኖ ስለሚታይ የት መቁረጥ እንዳለብኝ ሳልሰማ አገኘዋለሁ። ከመካከል ሳይሆን ከመነሻው መድገሙ የንባቡ ዜማ እንዳይሰበር ነው።

ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሲመታ ግን እነዚህ ሁሉ አይበቁም። ዝናቡ በየሰከንዱ መጠኑን ይቀያይራል፤ ድምፁም ስ እና ሽ ያሉበትን ቦታ ይሸፍናል፤ ማጽጃው አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ይወስዳል። ስለዚህ በክረምት የምቀርጸው ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ከሰዓት በኋላውን ለመቁረጥና ለማጽዳት እተወዋለሁ።