የቡና ግዢን በአንድ ሳጥን ከትተን የተሳሳትነው

የምሰራው ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው፣ የራሳችን ማጠቢያ ጣቢያዎችም አሉን። ሂሳቡን፣ ግዢውንና መጋዘኑን በአንድ ላይ የሚይዝ ኢአርፒ የሚባል ሲስተም ልናስገባ ስንል ካፓቢሊቲ ማፕ የመስራቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ካፓቢሊቲ ማለት ድርጅቱ መቻል ያለበት ነገር ነው፣ ማፑ እነዚህን በየሳጥኑ የሚያሳይ ስዕል ነው፣ ማን ይሰራዋል፣ በምን ሲስተም የሚለው በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ ግን መዋቅሩን ይዤ ፋይናንስ፣ ግዢ፣ ስቶር፣ ኤክስፖርት እያልኩ ክፍሎቹን በየሳጥኑ አስቀመጥኳቸው። ግዢ አንድ ሳጥን ሆነ፣ ኢአርፒው የግዢ ሞጁል አለው፣ በቃ እዛ ይግባ ተባለ።

እሸት ቡና ሲደርስ ነው ጉዱ የወጣው። ኢአርፒው መጀመሪያ አቅራቢ መዝግብ፣ ፐርቼዝ ኦርደር ክፈት፣ ከዛ ተቀበል ነው የሚለው። ጣቢያ ላይ ግን ገበሬው አመሻሽ ላይ እሸቱን ተሸክሞ ይመጣል፣ ይመዘንለታል፣ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ኔትወርክ ደግሞ አንዳንዴ ጭራሽ የለም። አንድ ቀን የአቅራቢዎችን ሌጀር ስከፍት የአንድ ጣቢያ እሸት በሙሉ «ልዩ ልዩ ገበሬዎች» በሚል አንድ ስም ገብቶ አገኘሁት። ለጣቢያው ኃላፊ ደውዬ ጋሼ ይሄ ምንድነው ስላቸው «ልጄ፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ እኔ ኮምፒውተር ላይ የማንን ስም ልፈልግ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሂሳቡ ይዘጋል፣ ግን ቡናው ከማን ማሳ እንደመጣ ጠፋ፣ የአውሮፓ ህብረት በፈረንጆቹ 2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ደግሞ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል።

ስለዚህ ማፑን እንደገና ሰራሁት፣ በዚህኛው ዙር ጣቢያ ድረስ ሄጄ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ። ሁለት ስራዎች የሚነሱበት ነገር ከተለያየ ስማቸው አንድ ቢሆንም ሳጥናቸውን ለየሁ። የጆንያና የመለዋወጫ ግዢ ከቢሮ ጥያቄ ይነሳል፣ የእሸት ቅበላ የሚነሳው ግን ገበሬው ሚዛን ላይ ሲደርስ ነው። ከዛ ለእያንዳንዱ ሳጥን ሌላውም ድርጅት እንደኛው ነው ወይ የሚሰራው፣ ኢአርፒው ሳይነካካ ይችለዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጆንያ፣ ደሞዝ፣ ሂሳብ፣ መጋዘን ኢአርፒ ውስጥ ቀሩ። የእሸት ቅበላና የማሳ መረጃ ያለ ኔትወርክ ወደሚሰራ የስልክ አፕ ሄዱ፣ ወደ ኢአርፒ የሚገባው በቀን አንድ ጊዜ የየጣቢያው ጠቅላላ ኪሎና ብር ብቻ ነው።

ያልጠበቅኩት ጣጣ የሎት ቁጥር፣ ማለትም አብሮ የሚሄደው ቡና የሚለይበት ቁጥር ነው። አፑም ኢአርፒውም የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር መጋዘን ላይ ያለው ቡና ከገበሬው ዝርዝር ጋር አልገናኝ አለ፣ ስንት ቀን በእጅ ስናዛምድ ከረምን። አሁን ቁጥሩ ጣቢያ ላይ ቡናው ማድረቂያ አልጋው ላይ ሲሰጣ ይወጣል፣ ኢአርፒው ተቀብሎ ይይዛል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። ማፑ ላይም ከሲስተሙ ስም ጎን ቁጥሩን ማን ይወልዳል የሚል መስመር ጨመርኩ። የቡናውን ጥራት የምንለካበትን ቅምሻ ለጊዜው ኤክሴል ላይ ትተነዋል፣ ቀማሾቹ ፎርማቸውን ገና እየቀያየሩት ስለሆነ፣ ወደ ኢአርፒ የሚያልፈው የመጨረሻው ነጥብ ብቻ ነው።