ትዕግስት ወይስ ደስታ

ማመልከቻው ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ተጻፈ። አንድ ገጽ ነው፤ ያውም ግማሹ ባዶ። ሳምንቴን ግን በልቶታል።

ነገሩ የመጣው በልጄ ፓስፖርት ነው። አምስት ዓመቷ ነው። የልደት የምስክር ወረቀቷንና የእኔንና የሚስቴን መታወቂያ አንድ ላይ ስናቀርብ፣ ወረቀቱን የተቀበለችን ልጅ ቀና አለችና «እናትየዋ አልመጡም?» አለችኝ። «ይቺውና» አልኳት፣ አጠገቤ የቆመችውን ሚስቴን እያሳየሁ። መታወቂያው ትዕግስት ይላል። የልደት ወረቀቱ ደስታ ይላል። አምስት ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ለካ ማናችንም አላነበብነውም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እናቴ በሠርጋችን ሰሞን፣ እንደ አገሯ ወግ፣ ለምራቷ ስም አወጣችላት። «ደስታ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ትዕግስት የሚላት የለም። ጎረቤቱም ደስታ ነው የሚላት፣ እኔም ደስታ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት ስለተባልኩ፣ ልጅቷ ሁለት ወር ሲሞላት ወረዳ ሄድኩ። ቅጹ ላይ «የእናት ሙሉ ስም» ከሚለው ፊት ለፊት እጄ የለመደውን ጻፈ። ቀጥሎ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም። እነሱን ልክ አድርጌያለሁ። ፈረምኩና ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ ራሴ በእጄ ነው የጻፍኩት። «ጉዳዩ፦ የእናት ስም እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ» ብዬ። ሥር ሁለት አንቀጽ፣ የይቅርታ ብዛት፣ እናቴ ስም ያወጣችበት ታሪክ ሁሉ አለ። የክብር መዝገብ ሹሟ አንብባ አልጨረሰችውም። ርዕሱ ላይ ቆመች።

«ይቀየርልኝ ነው የሚሉት?»

«አዎ፣ ተሳስቼ ነው።»

«እንግዲያው ይታረምልኝ ይበሉ። እናት አትቀየርም። ልጅቷን የወለደችው ሌላ ሴት ናት የሚሉ ከሆነ፣ እሱን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። እኔ መዝገብ ነው የምይዘው።»

አንድ ቃል ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለቱ ቃላት ወደ ሁለት የተለያየ በር ነው የሚወስዱት። ይታረምልኝ ማለት እናትየዋ ያቺው ናት፣ አጻጻፉ ግን ተሳስቷል ነው። ይቀየርልኝ ሲባል ደግሞ በአንዲት ሴት ቦታ ሌላ ትግባ እንደማለት ይሰማል።

ሁለተኛውን ከወረዳው በር ላይ ኮምፒውተር ይዛ የምትጽፍ ልጅ ጻፈችልኝ። እሷ «ይታረምልኝ» አለች፣ ታሪኩን አስወጣች፣ «ደስታ የሚለው ትዕግስት ተብሎ ይታረምልኝ» ብላ በሦስት መስመር ዘጋችው። አጭርና ንጹሕ። ይዤ ገባሁ። ሹሟ አሁን እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ።

«እህቷ ብትሆንስ?»

ዝም አልኩ። እኛ አገር ደስታና ትዕግስት ሆነው በአባትና በአያት ስም አንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች ምን ናቸው? እህትማማቾች ናቸው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። እኔ የአባቷና የአያቷ ስም ልክ መሆኑ የሚያድነኝ መስሎኝ ነበር። ለሹሟ ግን ጥርጣሬውን ያመጣው እሱው ነው። አባትየው መጥቶ የሚስቱን እህት ልጅ በሚስቱ ስም ሊያዞር ይችላል። ውርስ አለ፣ ወደ ውጭ መሄድ አለ። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ሥራዋን ነው የሠራችው። (እውነቱን ለመናገር የዚያን ዕለት ክፉ መስላኝ ነበር።)

ትንሽ አሰበችና «የመዝገቡን ፋይል ላውጣው» አለች። ይህን ማድረጓ ነው የጠቀመኝ። በእጃችን ያለው የምስክር ወረቀት የመዝገቡ ግልባጭ ነው። መዝገቡ ትክክል ሆኖ ሲታተም ብቻ ተሳስቶ ከሆነ፣ እንደገና ማተም ነው። መዝገቡ ራሱ ከተሳሳተ ግን ወረቀቱን መቶ ጊዜ ቢያትሙት ያው ደስታ ነው የሚወጣው። የእኔ ሁለተኛው ሆነ። መዝገቡም ደስታ፣ በእኔ እጅ የተሞላው ቅጽም ደስታ።

ከቅጹ ጀርባ ግን በስቴፕለር የተያያዘች አንዲት ወረቀት ነበረች። ሆስፒታሉ የሰጠን የልደት ማሳወቂያ። የተወለደችበት ቀን፣ ጾታዋ፣ ክብደቷ፣ የእናት ስም፦ ትዕግስት። ሚስቴ ካርድ ስታወጣ የተናገረችው መታወቂያዋ ላይ ያለውን ስሟን ነው። እኔ እሷን ወረቀት ራሴ አስረክቤ፣ ከሥሯ የተለየ ስም ጽፌ ነው የወጣሁት። ሹሟ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝና «ይኸን ማመልከቻዎ ላይ ለምን አላሉትም?» አለችኝ። ምን ልበላት? መኖሩንም ረስቻለሁ።

እናም ሦስተኛው። ጸሐፊዋ «ጋሼ ዛሬም መጡ?» እያለች ሳቀችብኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብረን ጻፍነው። ጉዳዩ «በልደት መዝገብ ላይ በስህተት የተመዘገበ የእናት ስም እንዲታረም ስለመጠየቅ» ሆነ። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ልጄ ስትመዘገብ የባለቤቴን የመታወቂያ ስም ትዕግስት በማለት ፈንታ በቤት ውስጥ የምትጠራበትን ደስታ የሚለውን ስም በቅጹ ላይ የሞላሁት እኔ አባቷ ነኝ። ሁለቱም ስሞች የአንዲት ሴት መጠሪያ ናቸው። በዚሁ ፋይል ውስጥ የሚገኘው የጤና ተቋም የልደት ማሳወቂያ፣ ከዚህ ጋር ያያዝኩት የጋብቻ የምስክር ወረቀታችንና የባለቤቴ መታወቂያ ትዕግስት በሚለው ስም የተሰጡ በመሆናቸው፣ መዝገቡ በዚሁ መሠረት እንዲታረምና የታረመ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለሁ።»

የተሳሳተው ስምና ትክክለኛው ስም፣ ማን እንደተሳሳተ፣ ማስረጃው የት እንዳለ፣ ምን እንዲደረግ እንደምፈልግ። ሌላ የለውም። የምዝገባ ቁጥሩን ከምስክር ወረቀቱ ላይ ገልብጠን ከርዕሱ ሥር አስገባነው፤ ያለዚያ ፋይሉን የሚፈልግ ሰው በስም ሊፈልግ ነው፣ ስሙ ደግሞ የተሳሳተው እሱ ነው። ወረቀቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚታተም፣ የእንግሊዝኛውንም አጻጻፍ ከመታወቂያዋ ላይ ፊደል በፊደል ገለበጥን። አንዲት ፊደል ብትለይ ደግሞ ለእሷ ልመለስ ነው።

ሹሟ «ባለቤትዎም ይምጡ፣ እሳቸውም ይፈርሙ» ብላኝ ስለነበር ሚስቴ ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። ከእኔ ፊርማ ሥር «ትዕግስት» ብላ ስሟን ጻፈች። ስትጽፈው እያየሁ ነበር። ቀስ ብላ፣ የ«ዕ»ን ዓይን አጥብቃ። ስሟን ስትጽፍ ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ምናልባት ጋብቻ ስንፈራረም።

ሹሟ ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገቡ አለችን። ቁጥር ተሰጠው፣ ማኅተም ተመታበት፣ ኮፒው በእጄ ነው። ዋናውን የምስክር ወረቀት አስቀርታዋለች፤ አዲሱ ሲወጣ አሮጌው አብሮ አይኖርም።

ማታ እናቴ ደወለች። ነገሩን ነገርኳት። «ታዲያ ደስታ የሚለው ስም ሊጠፋ ነው?» አለችኝ። የለም እማ፣ ከወረቀቱ ላይ ብቻ ነው አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ተነሥቼ የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ከፈትኩ። የመገናኛ ደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ፦ የእናት ስም፣ ደስታ።