«ብትወርዱ አይሻልም?»

ከአሠሪው ጋር በጭማሪ ሥራ ክፍያ ላይ በግልግል ዳኞች ፊት ስንከራከር፣ የምስክርነት ቃሌን የመጀመሪያ ረቂቅ ለጠበቃችን ያስረከብኩት በኩራት ነበር። አራተኛው አንቀጽ «የአሠሪው ተወካይ የስድስቱን የመሠረት ፉቲንጎች ቁፋሮ በ90 ሴንቲ ሜትር እንድናወርድ በቃል አዘዙን» ይላል። ጠበቃችን እርሳሳቸውን «አዘዙን» የምትለው ቃል ላይ አሳርፈው «በምን ቃል ነው ያዘዙት?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ነገሩ ከሆነ 14 ወር አልፎታል፤ አሠሪው ደግሞ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከቶ አልሰጠሁም እያለ ነው። እኔ የማስታውሰው መታዘዜን እንጂ የታዘዝኩበትን ቃል አልነበረም።

ወደ ቤቴ ስመለስ የሳይት መዝገቡን ገለጥኩ። በራሴ እጅ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «የአሠሪው ተወካይ ጎበኙ። ከምሥራቅ በኩል ያሉት 6 ፉቲንጎች 90 ሳ.ሜ. እንዲወርዱ።» ማን እንዳለ የለም። «እንዲወርዱ» ብዬ ነጥብ አኑሬ አልፌያለሁ። ቋንቋችን አድራጊውን ሳይጠራ ትእዛዝን መጨረስ ይችላል፤ የዚያን ቀን ድካም ደግሞ ይህን ምቾት ወደደው።

ቢሆንም ያቺ መስመር ቀኑን መለሰችልኝ። ጉድጓዱ በሥዕሉ ላይ ያለው ጥልቀት ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ታቹ ጥቁርና እርጥብ ጭቃ ነው። ፎርማኑ ዲጂኖውን ቀጥ አድርጎ ሲለቀው በራሱ ክብደት ሰመጠ። ተወካዩ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሆነው ይህን አዩና «ኋላ ተመልሰን ከምንቸገር አሁኑኑ እስከ ጠንካራው ብትወርዱ አይሻልም?» አሉ። አጠገባቸው የቆመው የአማካሪው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ራሱን ነቀነቀ። ተወካዩም «ሒሳቡ ኋላ ይታያል» ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

አሁን ችግሩ ታየኝ። በእኛ አነጋገር ትልቅ ሰው «ብትወርዱ አይሻልም?» ካለ ማንም እንደ ጥያቄ አይሰማውም፤ ቆፋሪው ወዲያው አካፋውን ያነሣል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ግን ጥያቄ ነው። አሠሪውም የሚከራከረው በዚሁ ነው፦ «አስተያየት ሰጠን እንጂ አላዘዝንም።»

በሁለተኛው ረቂቅ «አዘዙን» ወጣ፤ የሰማሁት ቃል እንዳለ ገባ። «መሐንዲሱ ተስማማ» የሚለውም «ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ» ሆነ። ምን ማለቱ እንደነበር እኔ ልመሰክር አልችልም። ፎርማኑ «ተወካዩ በስልክም ደውለውልኛል» ብሎኝ ነበር፤ ያንን አወጣሁት፤ ፎርማኑ ራሱ ይመስክር። ቃሌ እየሳሳ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መስቀለኛ ጥያቄ የሚይዘውን ቦታ እየቀነስኩለት ነው።

ከወረቀቶቹ ሁሉ የጠቀመን የኮንክሪት ሙሌት ፈቃድ መጠየቂያው ነው። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ የፈረመበት ሲሆን አዲሱን ጥልቀት ይዟል። የአሠሪው ጠበቃ «ይህ ፊርማ ጉድጓዱ ለሙሌት ዝግጁ መሆኑን ያሳያል እንጂ ለጭማሪ ሥራ ክፍያን አይፈቅድም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያም ሆኖ ጥልቀቱ በድብቅ አለመውረዱን ያሳያል።

ስለ ኮንክሪቱ መጠንም ተጠየቅኩ። እያንዳንዱ ጉድጓድ 2 በ2 ሜትር ነው፤ በ90 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ 3.6፣ ስድስቱ 21.6 ሜትር ኩብ ይሆናሉ። የማስረከቢያ ደረሰኞቹ ግን 24 ይላሉ። «2.4 ሜትር ኩቡ የት ገባ?» አሉኝ። የጉድጓዱ ግድግዳ ጭቃ ስለነበረ ተንዶ እንደሰፋና ኮንክሪቱ ያንን እንደሞላ ተናገርኩ፤ የጠየቅነውም 21.6ቱን ብቻ መሆኑን አከልኩ። ያን ጊዜ አንደኛው ዳኛ ቀና ብለው አዩኝ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ፊዲክ በሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል የ1999 እ.ኤ.አ. ቅጽ መሐንዲሱ በቃል ያዘዘውን ተቋራጩ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካረጋገጠለትና እርሱም ደብዳቤው በደረሰው በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካልሰጠ፣ ማረጋገጫው እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ ይቆጠራል። የእኛም ውል ይኸው አንቀጽ ነበረው። ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሦስት መስመር መጻፍ ነበረብኝ፤ የትኞቹ ፉቲንጎች፣ በስንት ሴንቲ ሜትር፣ በማን ንግግርና በማን ፊት። «ነገ እጽፈዋለሁ» አልኩ። በማግስቱ የኮንክሪት መኪና መጣ።

ግልግል ዳኞቹ ለ21.6 ሜትር ኩቡ እንዲከፈለን ወሰኑ፤ የጠየቅነውን የ5 ቀን የጊዜ ማራዘሚያ ግን በወቅቱ ማስታወቂያ ስላልሰጠን ውድቅ አደረጉት። ስንወጣ ተወካዩ በኮሪደሩ አገኙኝና ያለ ቂም ጨበጡኝ። «ያኔ አንድ ወረቀት ጽፈህ ብታመጣልኝ» አሉኝ፣ «እፈርምልህ ነበር እኮ።»