ለሽሮአችን ማስታወቂያ የጻፍነው ሁለት ገጽ

እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳንርቅ፣ ምጥን ሽሮና በርበሬ እያሸግን በኢንተርኔት እንሸጣለን። ገበያችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ የሽሮ ትእዛዝ ይጎርፋል፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ባለፈው ጾም ዋዜማ፣ በአማርኛ የምግብ አሠራር ቪዲዮ ለምታዘጋጅ አንዲት ወጣት ከፍለን ሽሮአችንን እንድታስተዋውቅልን ተስማማን። ተከታዮቿ በአብዛኛው እንደ እኛው አሜሪካ የሚኖሩ፣ ሽሮና በርበሬ ከአገር ቤት በሰው ሻንጣ የሚያስመጡ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው በማስታወቂያ ማሳመን ቀላል አይደለም፤ እናቱ የምትልከውን ሽሮ የሚያውቅ ነውና።

ማንኛውንም ወረቀት ከመላካችን በፊት ሽሮውን ላክንላት። ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ ከእርሱ ጋር ደግሞ የማይመለስ መቶ ዶላር የቅምሻ ክፍያ። ሠርታ በልታው ካልወደደችው ሥራውን ትተወዋለች፣ መቶ ዶላሩም የራሷ ነው። ምክንያታችን ሁለት ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለ ማስታወቂያና ምስክርነት ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ሰው ያልሞከረውን ዕቃ እንደ ሞከረ አድርጎ መመስከር አይችልም። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የሙያ ነው፤ ያልቀመሰ ሰው የሚናገረው «ጣዕሙ ልዩ ነው» ብቻ ነው፣ «ልዩ ነው» ደግሞ ማንንም ሽሮ አስገዝቶ አያውቅም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደወለች። «ጋሼ፣ ቅመሙን ወድጄዋለሁ፤ ግን በሚፈላው ውሃ ላይ ስበትነው ጓጎለብኝ። ደግሞ የሚያቃጥል ለሚወድ ሰው ለስላሳ ነው።» ሁለቱም እውነት ነው። ሽሮአችን በጣም የላመ ስለሆነ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ አለበት። በርበሬውን ያሳነስነውም ልጆች እንዲበሉት ብለን ነው። ሁለቱንም በቪዲዮው ውስጥ እንድትናገር ጠየቅናት። የገዛ ሰው ሽሮው ጓጉሎበት ገንዘቤን መልሱልኝ ከሚለን፣ አስቀድሞ ቢሰማው ይሻለናል።

ሁለት ገጹን የስምምነት ማስታወሻ የጻፍነው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የሚጀምረው ምን እንደምታስረክበን በመዘርዘር ነበር። «አንድ ቪዲዮ» የሚል ስምምነት ስምምነት አይደለም፤ ለእርሷ አርባ ሰከንድ ሊሆን ይችላል፣ ለእኛ ሦስት ደቂቃ። ስለዚህ እንዲህ ብለን ዘረዘርነው። ቪዲዮው በቁሙ የተቀረጸ፣ ከስድሳ እስከ ዘጠና ሰከንድ የሚደርስ፣ በቲክቶክና በኢንስታግራም የሚለጠፍ ነው። ሽሮው ከዱቄትነት ተነሥቶ እንጀራ ላይ እስኪወጣ ድረስ ይታያል፤ ከረጢቱም ጽሑፉ እስኪነበብ ድረስ አንድ ጊዜ ካሜራ ፊት ይቀርባል። በተጨማሪ የመደብራችን ማስፈንጠሪያ ያለባቸው ሦስት የኢንስታግራም ስቶሪዎች ይወጣሉ።

ቀኑን የወሰነው ፖስታው ነው። እሽጋችን ካሊፎርኒያ እስኪደርስ ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ቪዲዮው ጾሙ ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው መውጣት ነበረበት። ረቂቁ ከዚያ አራት ቀን ቀድሞ እንዲደርሰን ተስማማን። የማስተካከያ ዙር አንድ ብቻ ነው፤ የምናርመውም የተሳሳተ መረጃንና ማስታወቂያ መሆኑን የሚናገረውን መግለጫ ብቻ ነው። ቀልዷን፣ አነጋገሯን፣ የወጥ ቤቷን መጋረጃ አንነካም። ባለቤቴ መጋረጃውን አልወደደችውም ነበር፤ ግን በጽሑፍ ስለተስማማን ዝም አለች።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ያለውን ነው። ቪዲዮው ለስንት ጊዜ ሳይነሣ ይቆያል? እኛ ስድስት ወር አልን። እኛስ ወስደን በራሳችን ገጽ ልንለጥፈው፣ ገንዘብ ከፍለን ልናሰራጨው እንችላለን? ለስድሳ ቀን እንችላለን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ክፍያ አለው። ፊቷና ድምፅዋ የእርሷ ስለሆነ ይህ በግልጽ መጻፍ አለበት። እርሷ ደግሞ ለሠላሳ ቀን የሌላ ሰው ሽሮ አታስተዋውቅም። ክፍያው ስምንት መቶ ዶላር ሲሆን፣ ግማሹ ስንፈራረም፣ ግማሹ ቪዲዮው በወጣ ማግስት ይከፈላል። የተመልካች ቁጥርም ሆነ የምስጋናው መጠን ክፍያውን እንደማይቀንሰውና እንደማይጨምረው ለብቻው አንድ መስመር ጻፍንለት። ክፍያው በውዳሴ የሚለካ ከሆነ፣ ስለ መጓጎሉ ማን ይናገራል?

ስለ አነጋገሩ የጻፍነው አጭር ነው። የሚነበብ ጽሑፍ አላዘጋጀንላትም፤ ተመልካቾቿ መቼ ከልቧ እንደምታወራ፣ መቼ እንደምታነብ ያውቃሉ። የሰጠናት እውነተኛ መረጃ ነው፦ ሽሮው ከምን እንደተመጠነ፣ ቅቤም ሆነ ወተት እንደሌለበት፣ ለአንድ ኩባያ ዱቄት ስንት ውሃ እንደሚያስፈልግ፣ ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ እንዴት እንደሚቀመጥ። ባለቤቴ «በኢትዮጵያዊት እናት እጅ የተዘጋጀ» የሚል ሐረግ እንዲጨመር ፈልጋ ነበር። ልጅቷ «እትዬ፣ የሚፈጨው በወፍጮ አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀች፤ ሐረጉም ቀረ።

የማይባለውን ደግሞ በግልጽ ጻፍነው። ስኳር በሽታን፣ ደም ግፊትንና ክብደትን የሚመለከት አንድም ቃል አይነገርም። ከሁሉ ያከራከረን «ግሉተን የለውም» የሚለው ነው፤ ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሽሮ ከአተር፣ ከባቄላና ከሽምብራ የሚሠራ ስለሆነ ለብዙ ሰው ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን ሽሮአችንን የሚፈጭልን ወፍጮ ስንዴና ገብስም ይፈጫል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አንድን ምግብ «ከግሉተን ነጻ» ለማለት ከአንድ ሚሊዮን እጅ ሃያ እጅ በታች ግሉተን እንዲኖረው ይጠይቃል፤ እኛ አላስመረመርንም። ከረጢቱ ላይ ያልጻፍነውን በእርሷ አንደበት ማስነገር ያንኑ መጻፍ ነው፤ ግሉተን የሚጎዳው የሴሊያክ በሽተኛ ሰምቷት ቢታመም ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

ሁለተኛው ገጽ ከሞላ ጎደል ያተኮረው ማስታወቂያ መሆኑን በማሳወቅ ላይ ነበር። የንግድ ኮሚሽኑ መመሪያ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በአስተዋዋቂውና በድርጅቱ መካከል ተመልካቹ የማይጠብቀው ግንኙነት ካለ፣ ማለትም ገንዘብ፣ ነጻ ዕቃ ወይም ዝምድና፣ ተመልካቹ ሳይፈልግ እንኳ በሚያየው ቦታ መነገር አለበት። በቪዲዮ ከሆነ በቪዲዮው ውስጥ መሆን አለበት፣ ከሥር ባለው ጽሑፍ ብቻ አይበቃም። መነገርም መታየትም አለበት፤ ድምፁን አጥፍቶ የሚያይ አለ፣ ሳያይ የሚሰማም አለ። ምስክርነቱ በተሰጠበት ቋንቋ መሆን እንዳለበትም መመሪያው ይናገራል። አማርኛ ለሚናገር ቪዲዮ በእንግሊዝኛ #ad ብሎ ማለፍ፣ በተለይ ተመልካቾቹ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶች ሲሆኑ፣ እንዳልተናገሩ ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ረቂቅ ሲመጣ «ከሽሮ ቤተሰቦቻችን ጋር በመተባበር» ትላለች። ከልጅነታችን ጀምሮ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሰማነው አነጋገር ስለሆነ ጆሮ አይቆረቁርም፤ ችግሩም ይኸው ነው። መተባበር ዘመድ ለዘመድም ያደርገዋል። ገንዘብ መከፈሉን አይናገርም። «የላኩልኝ ስጦታ» የሚለው ደግሞ ይብሳል፤ እውነት ነው፣ ሽሮውን ልከናል፣ ስምንት መቶ ዶላሩ ግን ተደብቋል። ቃሉን እንድትመርጥ ለእርሷ ተውንላት፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ውስጥ ሆኖ፣ መከፈሉን የሚናገር ግሥ ይኑረው ብቻ አልን። «ስለዚህ ሽሮ እንድነግራችሁ ከፍለውኛል፤ የምነግራችሁ ግን ሠርቼ የበላሁትን ነው» አለች። እኛ ብንጽፈው እንዲህ አይጥምም ነበር። ስክሪኑ ላይ «የተከፈለበት ማስታወቂያ» የሚል ጽሑፍ ነጭ በጥቁር ተጻፈ፣ በቲክቶክ ቁልፎች የማይሸፈን ቦታ ላይ፤ በስተ ቀኝና በታች የሚጻፍ ነገር ይሸፈናልና።

ከዚህ ሌላ የመድረኮቹን የራሳቸውን ምልክት እንድታበራ ጠየቅናት። ቲክቶክ ላይ ከመለጠፉ በፊት Branded content የሚለው ይመረጥና ቪዲዮው ላይ Paid partnership የሚል ይታያል፤ ኢንስታግራምም ተመሳሳይ አለው። ይህ የመድረኩን ደንብ ያሟላል እንጂ የእርሷን ቃል አይተካም፤ ፊደሉ ትንሽ ነው፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው።

ምልክቱ ሲበራ አንድ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ቲክቶክ እንዲህ ላለ ቪዲዮ የሚፈቅደው ለንግድ የተፈቀደ ሙዚቃ ብቻ ስለሆነ፣ ከሥር ያስገባችው ታዋቂ የአማርኛ ዘፈን አልሄደም። ብዙዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ዘፈኑን ለማዳን ምልክቱን ያጠፉታል። እኛ ዘፈኑን አወጣነው። በምትኩ የሽሮው መንተክተክና የሽንኩርቱ ጥብስ ድምፅ ገባ፤ ከመጀመሪያውም ይህን ማስታወሻው ላይ የሚጽፍ ሰው ጊዜ ይቆጥባል።

ቪዲዮው በወጣበት ቀን እኔ በስልኬ፣ ባለቤቴ በእርሷ ስልክ አየነው፤ መግለጫው ሳይቆረጥ መታየቱን አረጋግጠን የስክሪን ፎቶ አስቀመጥን። ስቶሪዎቹ ላይ ግን መግለጫው የነበረው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነበር። ሰው ሦስተኛውን ብቻ ሊያይ ስለሚችል በሁሉም ላይ እንዲሆን ጠየቅን፤ በሰዓቱ አስተካከለችው። ለዘመዶቻችንም በቤተሰብ ቡድናችን መልእክት ላክን፦ አስተያየት መስጫው ላይ «ከዚህ የተሻለ ሽሮ የለም» ብላችሁ አትጻፉ፤ ከጻፋችሁም የማን ዘመድ እንደሆናችሁ ተናገሩ። አንዲት አክስቴ ተቀይማለች።

አንድ ተመልካች «ተከፍሎሽ ነው እንዴ?» ብሎ ጻፈ፤ ቪዲዮውን ከመሃል የጀመረ ይመስለኛል። «አዎ፣ መጀመሪያው ላይ ተናግሬያለሁ፤ ጓጉሎብኝ እንደነበረም ተናግሬያለሁ» ብላ መለሰችለት። ከዚያ በታች የተከተለው ክርክር ስለ ክፍያ ሳይሆን፣ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል ወይስ በሚፈላው ላይ ይበተናል የሚል ነበር። ቪዲዮውን ለማሰራጨት የተስማማንበት ስድሳ ቀን ሲያልቅ ለፍልሰታም ልንጠቀምበት ፈለግን፤ ሁለት መቶ ዶላር ጨምረን የመጀመሪያውን ገጽ የመጨረሻ አንቀጽ ብቻ አድሰን ተፈራረምን።