«ለጊዜው ያዝ አድርጊልን» የተባልኩትን ሥራ እንዴት በወረቀት አስያዝኩት

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ነው። የቅጥር ውሌ ላይ መደቤ «ጀማሪ አካውንታንት» ይላል። ሥራዬም ደረሰኝ መመዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅና ፔሮል ማዘጋጀት ነበር። ጥቅምት ሲገባ የፋይናንስ ኃላፊው ለቀቁ። ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው ጠሩኝና «ሰው እስኪቀጠር ለጊዜው ያዝ አድርጊልን፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። ደብዳቤ የለም፣ ደመወዙም ያው ነው።

ኅዳር ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያውን የማስገባው እኔ ሆንኩ። የክፍያ ማዘዣ ላይ የምፈርመው እኔ፣ ባንክ ሲደውል የምጠራውም እኔ። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥርም አለፈ። የቅጥር ማስታወቂያ ግን አልወጣም። ለምን ይወጣል? ሥራው እየተሠራ ነዋ!

ከገንዘቡ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ፊርማው ነበር። የታክስ ማሳወቂያ ቢዘገይ ወይም ቁጥሩ ቢሳሳት መቀጮ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ደግሞ የፈረመው ሰው ነው። «ማን ፈቀደልሽ?» ብባል የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ሥራውን በቃል ሰጥተውኝ ተጠያቂነቱ በጽሑፍ ተመዝግቦብኛል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ያደረግኩት የውስጥ ደንቡን ፈልጎ ማንበብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ለውክልና ይህን ያህል አበል ይከፈል ብሎ አይወስንም። እንዲህ ያለውን ነገር የኅብረት ስምምነት ወይም የድርጅቱ የውስጥ ደንብ ላይ ነው የምታገኙት። የእኛ ደንብ ክፍት መደብን ከ30 ቀን በላይ ተክቶ የሚሠራ ሠራተኛ በራሱ ደመወዝና በመደቡ መነሻ ደመወዝ መካከል ያለው ልዩነት ይከፈለዋል ይላል። የእኔ ደመወዝ 14,000 ብር፣ የመደቡ መነሻ 24,000 ብር ነው። ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ በየወሩ 10,000 ብር እየቀረብኝ ነበር። ግን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ «በጽሑፍ ሲወከል» የምትል ሐረግ አለች። ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመጠየቄ በፊት ወረቀት መሰብሰብ ጀመርኩ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር በቃል ሲያዙኝ እፈጽምና ወዲያው አጭር ኢሜይል እልክላቸዋለሁ፦ «ዛሬ ጠዋት ባዘዙኝ መሠረት የጥር ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ አስገብቻለሁ፤ ማረጋገጫው ተያይዟል።» ክርክርም ወቀሳም የለበትም። እሳቸው «እሺ፣ ጥሩ» ብለው ይመልሳሉ። ያቺ «እሺ» ሥራውን ማን እንዳዘዘ ትናገራለች። ከዚያ ጎን ለጎን አንድ ሰንጠረዥ ያዝኩ፤ ቀኑን፣ ሥራውን፣ ያዘዘውን ሰውና ማስረጃው ያለበትን ቦታ የሚይዝ። ወር ሲያልቅ ከቅጥር ውሌ ጋር ከተያያዘው የሥራ ዝርዝር ጋር አስተያየዋለሁ። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነው ሥራ በራሱ ጊዜ ወለል ብሎ ይታያል።

የካቲት ላይ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚሠሩ አንድ ጠበቃ አማከርኩ። ሁለት ነገር ነገሩኝ። ሁለቱንም ብዙ ሰው የሚያውቃቸው አይመስለኝም።

አንደኛው ይርጋ ነው። በአዋጁ መሠረት የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌላ ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የሚቆጠረውም ለእያንዳንዱ ክፍያ ለብቻው ነው። የእኔ የኅዳር ልዩነት ኅዳር መጨረሻ ላይ መከፈል ነበረበት፤ ስለዚህ ግንቦት መጨረሻ ላይ ያበቃለታል። የታኅሣሡ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ እንዲያ እያለ ይቀጥላል። «ትንሽ ልታገስ» ያለ ሰው በየወሩ ከኋላ አንድ አንድ ወር እየተሸረፈበት ነው። ለድርጅቱ ደብዳቤ ማስገባት ብቻውን ይርጋውን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው የሥራ ክርክርን ለሚወስነው ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው አካል አቤት ማለት ወይም አሠሪው ራሱ መብቱን በጽሑፍ ማመኑ ነው። ስለዚህ የምፈልገው መልስ የግድ በጽሑፍ መሆን ነበረበት። ካልሆነ ደግሞ ግንቦት ሳያልቅ ክስ።

ሁለተኛው «የሥራ መሪ» የሚባለው ነገር ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። የሥራ መሪ የሚባለው መጠሪያው ያማረለት ሁሉ አይደለም፤ የድርጅቱን አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን ያለው ነው። «እኔ እኮ ሙሉ ኃላፊ ሆኜ ነው የምሠራው» ብዬ ብጽፍ ድርጅቱ ያንኑ ይዞ አዋጁ አይመለከታትም ብሎ ሊከራከርብኝ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤዬ ላይ የሠራሁትን ሥራ ብቻ ዘረዘርኩ። በዚያው ሰሞን ለአንድ ባልደረባዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንድፈርም ቀርቦልኝ ነበር። «ይሄ የሰው ሀብት ሥራ ነው፣ እነሱ ይዩት» ብዬ መለስኩት።

ደብዳቤውን መጋቢት ላይ አስገባሁ። አንድ ገጽ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ በቃል ትእዛዝ የምሠራቸውን ሥራዎች፣ የደንቡን አንቀጽና ሁለት ጥያቄ ይዛለች። አንደኛው ውክልናው ከጀመርኩበት ቀን አንሥቶ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልኝ፣ ሁለተኛው ልዩነቱ እንዲከፈለኝ ነው። ሠንጠረዡን አያያዝኩ። መዝገብ ቤት ወስጄ ቀሪው ላይ ቁጥርና ቀን አስመታሁ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መሄድ አይበቃም፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ማኅተም ያለበት ቀሪ ግን እናንተ ጋ ይቀራል።

መልሱ ቶሎ አልመጣም። ፋሲካ ሲቃረብ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና ለበዓል ጥሩ ቦነስ እንዳሰቡልኝ ነገሩኝ። ለሥራሽ ምስጋና ነው አሉኝ። በቅንነት ያሰቡት ይመስለኛል። ግን ቦነስ ለምን ሥራ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተሰጠ አይናገርም፤ ልዩነቱም የተከፈለ ሊያስመስል ይችላል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን እኔ የጠየቅኩት ቦነስ አይደለም። እርስዎ ራስዎ የሰጡኝ ሥራ በደብዳቤ ይጻፍልኝ» አልኳቸው። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከባድ ነበር፣ ግን የምጨምረው ቃል አልነበረኝም።

ሚያዝያ ሳያልቅ ደብዳቤው መጣ። ከጥቅምት ጀምሮ የፋይናንስ ኃላፊውን ሥራ ተክቼ መሥራቴን ያረጋግጣል፤ ከኅዳር ያለው ልዩነትም በውስጥ ደንቡ መሠረት ይከፈላል ይላል። የስድስት ወሩ 60,000 ብር፣ ግብሩ ተቀንሶ፣ ከግንቦት ደመወዝ ጋር ገባ። መደቡን ግን አልሰጡኝም። ሰኔ ላይ ከውጭ ሰው ቀጠሩ፣ እኔንም ሲኒየር አካውንታንት አደረጉኝ። መደቡ ይገባኝ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያም ሆኖ ሥራውን ለአዲሱ ኃላፊ በጽሑፍ አስረከብኩ። ያላለቁ ማሳወቂያዎችን፣ ያልታረቁ ሒሳቦችን አንድ በአንድ ዘርዝሬ ሁለታችንም ፈረምንበት። ከዚያ ቀን በኋላ ለሚመጣው እኔ እንዳልጠየቅ።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር፣ የሥራ ልምድ። አሠሪ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት አለበት፤ ለመውሰድ መልቀቅ አያስፈልግም። ወዲያው ጠየቅኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ «በአካውንታንትነት አገልግለዋል» ብቻ ይል ነበር። የውክልና ደብዳቤውን ቁጥር አሳይቼ አስተካከሉት። አሁን «ከጥቅምት እስከ ሰኔ የፋይናንስ ኃላፊን ተክተው ሠርተዋል» የሚል መስመር አለው።